«ምንም የለብሽም» ሳይባል፦ የነርቭ አሠራር መዛባትን ለታካሚ እንዴት እናስረዳ?

ድንገተኛ ክፍል ያደረ ሐኪም ሁሉ ይህችን ታካሚ ያውቃታል። እግሯ አልታዘዝ ብሏት በወንድሟ ጀርባ ታዝላ ገብታለች፣ ወይም እየተንቀጠቀጠች በአራት ሰው ተይዛ መጥታለች። ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው፣ የደም ምርመራውም ምንም አላሳየም። ተረኛው ወደ ነርሷ ዞሮ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኮንቨርዥን ናት» ይላል። ወደ ታካሚዋ ሲመለስ ደግሞ ፈገግ ብሎ «አይዞሽ፣ ምንም የለብሽም» ይላታል። ሊያጽናናት ፈልጎ ነው። እሷ ግን የሰማችው «ታስመስያለሽ» የሚለውን ነው፤ በማግስቱም ሌላ ሆስፒታል ወረፋ ትይዛለች።

እኔም በጀማሪነቴ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ብያለሁ። አንዲት እናት «ጭንቀት ነው» ስላቸው ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እጄ እኮ ነው የማይነሣው» አሉኝ። ቀጠሮ ሰጠኋቸው፣ አልተመለሱም። አሁን ሳስበው ትክክለኛዋ እሳቸው ነበሩ፤ የጠየቁኝ ስለ እጃቸው ነው፣ እኔ የመለስኩት ስለ ኑሯቸው ነው።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ሐኪሞች፣ ለጤና መኮንኖች፣ ለነርሶችና ለፊዚዮቴራፒስቶች ነው። በሕክምናው ስም ፈንክሽናል ኒውሮሎጂካል ዲስኦርደር፣ ቀድሞ ኮንቨርዥን የሚባለውን የነርቭ አሠራር መዛባት፣ መጨረሻ ላይም ሶማቲክ ሲምፕተም ዲስኦርደርን ታካሚው ሳይከፋ እንዴት እንደምንነግረው ያሳያል። አንድ ታሪክ ይዘን እንሄዳለን። ከብዙ ታካሚዎች ታሪክ ያዋሃድኩት ስለሆነ ባለቤቱን አትፈልጉ።

ታካሚያችን የ26 ዓመት ልብስ ሰፊ ናት። ከሁለት ወር በፊት ደረጃ ላይ አዳልጧት ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለ። ሁለት ሳምንት በፋሻ ታስሮ ከረመ። ፋሻው ሲፈታ እብጠቱ ጠፍቷል፣ እግሩ ግን አልታዘዝ አለ፤ እንደ ጆንያ እየጎተተችው ነው የምትሄደው። የጭንቅላትና የወገብ ኤም አር አይ ተነሥታለች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሁለት ቦታ «ምንም የለም» ተብላለች። ከእህቷ ጋር፣ የምርመራ ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛ፣ በተበደረችው ክራንች ተደግፋ ገባች።

አንደኛ፦ ከመናገራችሁ በፊት እርግጠኛ ሁኑ

እርግጠኛ ያልሆነ ሐኪም ሲያስረዳ ያስታውቃል። «ምርመራው ሁሉ ጥሩ ነው፣ እንግዲህ ምናልባት...» ብሎ የጀመረ ሰው ቢጨርሰውም የሚያምነው የለም። ችግሩ ከአነጋገር በፊት ምርመራው ላይ ነው። ይህ ሕመም ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የሚለጠፍ ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሥነ አእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያ፣ ዲ.ኤስ.ኤም-5፣ ሁለት ነገር ለውጧል። ከምልክቱ በፊት የሥነ ልቦና ጫና መገኘት አለበት የሚለው መስፈርት ቀርቷል። በምትኩ በአካል ምርመራ ላይ የሚታይ፣ ምልክቱ ከሚታወቁት የነርቭ በሽታዎች ጋር እንደማይጣጣም የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል።

ለደከመ እግር ዋናው ማስረጃ አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ሁቨር እ.ኤ.አ. በ1908 የገለጸው ምልክት ነው። መሣሪያ አይፈልግም፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ታካሚዋን በጀርባዋ አስተኟት፤ መዳፋችሁን ከደከመው እግር ተረከዝ ሥር አድርጉና «ተረከዝሽን ወደ አልጋው ተጫኚ» በሏት። የእኛ ታካሚ ስትሞክር መዳፌ ላይ ምንም የሚጫን ነገር አልነበረም። አሁን መዳፋችሁን ከዚያው ሳታነሡ ሌላውን እጃችሁን በጤነኛው ጭን ላይ አድርጉ፤ «ይህን እግርሽን አንሺ፣ እኔ ወደ ታች እይዘዋለሁ፣ አታሸንፊኝም» በሏት። ሐሳቧ ሁሉ ጤነኛው እግር ላይ ሲሆን ደካማው ተረከዝ በሙሉ ኃይሉ መዳፋችሁን ይጫናል። አንዱ እግር ሲነሣ ሌላው ወደ ታች የሚገፋው በማንኛውም ሰው ላይ ሳይታሰብ የሚመጣ እንቅስቃሴ ነው። መንገዱ ቢበጠስ ኖሮ ይህም አይመጣም ነበር።

ሊያሳስት የሚችልበት ሁኔታ አለ። ዳሌ ወይም ጉልበት የሚያም ከሆነ ታካሚዋ ሕመሙን ፈርታ ስትጠየቅ ላትጫን ትችላለች። በስትሮክ ምክንያት የአካሏን አንዱን ወገን የዘነጋችም ተመሳሳይ ነገር ልታሳይ ትችላለች። ስለዚህ ሁቨርን ብቻውን አትመኑት፤ አካሄዷን እዩ፣ ሪፍሌክሶችን አወዳድሩ። የእኛ ታካሚ የሁለቱም እግሮቿ ሪፍሌክስ እኩል ነው፤ ስትሄድም እግሯ ከዳሌ ጀምሮ መሬት ለመሬት ይጎተታል እንጂ እንደ ስትሮክ ታካሚ ክብ እየሠራ አይዞርም።

ለእጅ መንቀጥቀጥም የራሱ ምልክት አለ። በሌላው እጅ እናንተ የምትመቱትን ምት ጣቷን እየነካካች እንድትከተል ጠይቋት፤ የሚንቀጠቀጠው እጅ ከቆመ ወይም ያንኑ ምት ከያዘ ማስረጃ አገኛችሁ።

የሚያስፈልግ ምርመራ ካለ ከማስረዳታችሁ በፊት አስጨርሱት። «የአሠራር መዛባት ነው፣ ለማንኛውም ግን ኤም አር አይ ተነሺ» ብላችሁ ከላካችኋት «ለማንኛውም» የምትለዋ ቃል የተናገራችሁትን ሁሉ ታፈርሰዋለች።

ሁለተኛ፦ ፌስታሉን ይዘርግፉት

ታካሚዋ ስለ እግሯ ብቻ ብትጠየቅም ሌላ ብዙ ነገር ይዛለች። ድካም አለ፣ እንቅልፍ የለም፣ ራስ ምታት አለ፣ ነገር ይረሳታል፣ አልፎ አልፎ «ከራሴ የራቅሁ» ይመስላታል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁሉንም ጠይቃችሁ በዝርዝር ጻፉ። ካልጻፋችሁ ማስረዳቱ መሃል ላይ «ራስ ምታቱስ?»፣ ቆይቶ «ማዞሩስ?» እየተባለ ይበጠሳል። ከዚያ ቀኗ እንዴት እንደሚያልፍ ጠይቁ፤ ምን ትሠራ ነበር፣ አሁን ምን ቀረባት? ልብስ ሰፊዋ «ፔዳሉን በግራ እግሬ ብቻ ነው የምረግጠው፣ በቀን አንድ ቀሚስ አልጨርስም» አለችኝ። ይህች ዓረፍተ ነገር በኋላ ታስፈልገናለች።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎቻችን የምንዘለው ጥያቄ ነው። «አንቺ ምን ይመስልሻል? ቤተሰብስ ምን ይላል?» በሏት። እሷ ነርቭ የተቆረጠ መስሏታል፣ እናቷ መጋኛ ነው ብለዋል፣ አክስቷ ደግሞ ዛር። ጸበል ሄዳለች፣ ሦስት ቀን ሻል ብሏት ነበር። ይህን ስትሰሙ ፊታችሁን ተቆጣጠሩ። ካሾፋችሁ ወይም ከተከራከራችሁ ከዚያ ወዲያ የምትነግራችሁ የለም። እንዲያውም ሦስት ቀን መሻሉ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ እግሩ መሥራት እንደሚችል ይነግረናል። እኔ «መሻሉ ደስ ይላል፣ ያንን መሻል ነው የምናሰፋው» ብዬ አለፍኩ።

በመጨረሻ «እስካሁን ያዩሽ ሐኪሞች ምን አሉሽ?» በሏት። ታካሚ የት ላይ እንደተጎዳ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ እንባ ያቀረረው እግሯን ስትገልጽ አልነበረም፤ «አንዱ ተነሺና ሂጂ አለኝ» ስትል ነው።

ሦስተኛ፦ ስሙን ቀድማችሁ ተናገሩ

ጡት ላይ እብጠት ያላት ሴት ስትመጣ ስለሌለባት በሽታ ሁሉ ዘርዝረን አናበቃም፤ ያለባትን እንነግራታለን። እዚህም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ያለውን፣ ከዚያ የሌለውን። እኔ እንዲህ አልኳት፦

«እህቴ፣ እግርሽ በእውነት ደክሟል፤ መርምሬ አይቼዋለሁ። ይህ ስም ያለው፣ እኛ ዘንድ በብዛት የሚታይ ሕመም ነው። የነርቭ አሠራር መዛባት ይባላል። አንጎልሽና እግርሽ የሚነጋገሩበት መንገድ አልተቆረጠም፤ መልእክቱ ግን በትክክል አይደርስም። ስትሮክ አይደለም፣ የነርቭ መቆረጥም አይደለም። ሊመለስ የሚችል ነገር ነው።»

ቃላቱን አስቤ ነው የመረጥኳቸው። በአማርኛ «አእምሮ» ካላችሁ ታካሚው የሚሰማው «እብደት» ነው፤ «ጭንቅላትሽ ነው» ማለት ደግሞ ከስድብ አይርቅም። «አንጎል» ግን እንደ ልብና ኩላሊት የአካል ክፍል ነው፣ ቢታመምም አያሳፍርም። «ሐሳብ አብዝተሽ ነው» ማለት ጥፋቱን እሷ ላይ መጣል ነው። «ነርቭ» ብቻ ማለትም አደጋ አለው፤ በሰፈር ቋንቋ ነርቭ ማለት የሚቆረጥ ወይም የሚጫን ክር ስለሆነ፣ «ነርቭ ነው አሉኝ» ብላ ወገቤን ቀዶ ሕክምና ካላደረጋችሁልኝ ትላለች። «አሠራር» የሚለው ቃል አብሮ መግባት ያለበት ለዚህ ነው።

ቃል መምረጥ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንብራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት አሳይቷል። የነርቭ ክሊኒክ ታካሚዎች እግራቸው ደክሞ ምርመራቸው ደህና ቢሆን የተለያዩ ስሞች ቢሰጧቸው ምን እንደሚሰማቸው ተጠየቁ። አጥኚዎቹ አንድ ሰው ለማስከፋት ስንት ሰው ላይ ቃሉን መጠቀም እንደሚበቃ አሰሉ። «ሁሉም በሐሳብሽ ውስጥ ነው» ለሚለው ሁለት ሰው በቃ፤ «ፈንክሽናል» ለሚለው ግን ዘጠኝ ሰው አስፈለገ። «ምክንያቱ ያልታወቀ» የሚለው እንኳ፣ እኛ ገለልተኛ የሚመስለን፣ በሦስት ሰው ያስከፋል። ጥናቱ የተሠራው በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ላይ ስለሆነ ቁጥሩን ወደ አማርኛ አልገለብጠውም፤ አቅጣጫው ግን ከክሊኒኬ ጋር ይገጥማል።

አራተኛ፦ ምልክቱን ለራሷ አሳዩአት

ሁቨርን ለራሳችሁ ማረጋገጫ ተጠቅማችሁ በሆዳችሁ አትያዙት። እኔ እህቷንም ጠርቼ ደገምኩት። «እጅሽን እዚህ ከተረከዟ ሥር አድርጊ። አሁን ተጫኚ። አየሽ፣ ምንም የለም። አሁን ደግሞ ግራ እግርሽን አንሺ።» እህቷ «ውይ፣ ተጫነኝ!» አለች። ታካሚዋ ራሷ ቀና ብላ እግሯን አየችው።

እዚህ ላይ የምትናገሩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ይወስናል። «አየሽ፣ ይሠራል እኮ!» ካላችሁ «ያዝኩሽ» ማለታችሁ ነው፤ እህቷም ወደ ቤት ስትመለስ «አውቃ ነው» ትላለች። እኔ ያልኩት ይህ ነው፦ «ልታንቀሳቅሺው ስትሞክሪ አንጎልሽ ትእዛዙን ማስተላለፍ ያቅተዋል። ሐሳብሽ ሌላ ቦታ ሲሆን ግን መንገዱ ይከፈታል። ስለዚህ ገመዱ ደህና ነው። ይህ እንቅስቃሴ ሳይታሰብ የሚመጣ ነው። እንደማታስመስዪም አምናለሁ።»

ወደ እህቷ ዞራችሁም አንድ ነገር በሉ፤ ታካሚዋ እንድትሰማው ጮክ ብላችሁ። «ሆን ብላ አይደለም። ተነሺ፣ ሞክሪ እያላችሁ ብታስገድዷት ይብስባታል።»

አምስተኛ፦ እንዴት እንደሚመጣ አስረዱ፣ «ለምን» ላይ አትቸኩሉ

ወጣቶች ጋ የስልክ ምሳሌ ይሠራል። ስልክ ጠጋኝ ቤት ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሶፍትዌር ነው ሃርድዌር?» ነው። ስክሪኑም ባትሪውም ደህና ሆኖ ስልኩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሶፍትዌሩ ነው። ፎቶ ብታነሡት የተሰበረ ነገር አይታይም፤ ኤም አር አይም ፎቶ ነው፣ የሚያየው ሃርድዌሩን ነው። ግን ጥንቃቄ፤ አንድ ልጅ «እንግዲያው ፍላሽ አድርጉኝ» ብሎኛል። ፍላሽ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ይህ ግን ሳምንታት የሚፈጅ ልምምድ ነው። ለአዛውንቶች ክራር ይሻላል። ክራሩ አልተሰበረም፣ ክሩም አልተበጠሰም፤ ቅኝቱ ነው የጠፋው። ቅኝት ደግሞ በአንድ ምት አይመለስም፣ እየሞከሩ ነው።

ከምሳሌው በኋላ ወደ ራሷ ታሪክ ተመለሱ። «ቁርጭምጭሚትሽ ሲጎዳ አንጎልሽ እግሩን እንዳትጠቀሚበት ጠበቀው። ልክ ነበር። ሁለት ሳምንት ታስሮ ሲከርም ያንን ልማድ አደረገው። ጉዳቱ አለቀ፣ ልማዱ ቀረ። አሁን እግሩን ለማንቀሳቀስ በጣም ባሰብሽ ቁጥር ይብስበታል። ደረጃ ስትወርጂ እያንዳንዱን እርምጃ ማሰብ ብትጀምሪ እንደምትደናቀፊው ዓይነት።» በዚህ ሁሉ ውስጥ «ጭንቀት» የምትል ቃል የለችም። ትንሽ ጉዳት፣ ማይግሬን፣ ራስን መሳት፣ የድንጋጤ ስሜት ይህን ሕመም ሊያስነሡት ይችላሉ። የልጅነት በደልና ከባድ ሐዘን በብዙዎች ላይ አለ፣ በሁሉም ላይ ግን የለም። ስለዚህ ካልተገኘ ፍለጋ አትውጡ።

እሷ ራሷ ካነሣችውስ? ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ ጭንቀት ነው ማለትህ ነው?» በአዎ ወይም በአይ አትመልሱ። እኔ «ጭንቀት ለአንዳንዱ ሰው ያባብሰዋል፣ ልክ ደም ግፊትን እንደሚያባብሰው። አንቺ ላይ ዋናው መነሻ የእግርሽ ጉዳት ይመስለኛል። ሌላ የከበደሽ ነገር ካለ ግን መስማት እፈልጋለሁ» አልኩ። ያን ቀን ምንም አላለችም። በሦስተኛው ቀጠሮ እህቷ ስትወጣ ጠብቃ የነገረችኝ ነገር አለ፤ በመጀመሪያው ቀን አስገድጄ ብጠይቃት ኖሮ አልሰማውም ነበር።

«ተሳስታችሁ ቢሆንስ?» የምትለዋንም ጥያቄ በቁጣ አትመልሱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የስኮትላንድ ጥናት በነርቭ ክሊኒክ ምልክታቸው በበሽታ የማይገለጽ ከተባሉ 1144 ሰዎች 1030ዎቹን ለ18 ወር ያህል ተከታትሎ፣ ለምልክታቸው ምክንያት የሆነ ሌላ በሽታ የተገኘባቸው አራት ብቻ ነበሩ። ምርመራው በባለሙያ እጅ የተሠራ መሆኑን አትርሱ፤ ሁቨርን ሳይሠሩ በግምት ለተሰጠ ስም ይህ ቁጥር ዋስትና አይሆንም። ለታካሚዋ ግን ቀላሉ መልስ «አዲስ ነገር ከመጣ እንደ አዲስ እመረምርሻለሁ» የሚለው ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ነገ ስትሮክም ኤም ኤስም ሊይዘው ይችላል።

ስድስተኛ፦ ማስረዳቱን ወደ ሕክምና አገናኙት

ያለ ቀጣይ እርምጃ የተሰጠ ጥሩ ማብራሪያ በሰፈር «ምንም የለም ተባለች» ሆኖ ይደርሳል። ለድካም ዋናው ሕክምና ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ጡንቻን የማጠንከር ሳይሆን እግሩን ከትኩረት ውጭ የማንቀሳቀስ ዓይነት። ፊዚዮቴራፒስቱ ይህን ካላወቀ «ጠንክረሽ ግፊ» ይላታል፣ ይባባሳል። የእኛን ታካሚ ወደ ኋላ አስሄድናት፣ በሙዚቃ ምት ክብደቷን ከእግር ወደ እግር እንድታወላውል አደረግን። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን የእሷው የስፌት መኪና ነው። ሁለቱንም እግሮቿን ፔዳሉ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳትነቅል፣ ከእህቷ ጋር እያወራች ትሰፋለች፤ በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ። እግሩን አታየውም። በሁለተኛው ሳምንት ቀኝ እግሯ ምቱን እንደያዘ እህቷ በስልኳ ቀርጻ አመጣችልኝ። ቪዲዮውን አብረን ስናይ ዳግም «ልማዱ እየተለወጠ ነው» አልኳት።

ክራንቹን በአንድ ቀን አልቀማኋትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤት ውስጥ ብቻ እንድትተወው ተስማማን። ተሽከርካሪ ወንበር ለማዘዝ ግን አትቸኩሉ፤ ልማዱን ያጸናዋል።

ሁሉም እንደዚህ አይሆንም። ምልክቱ ለዓመታት የቆየ ሰው ላይ ለውጡ ዝግተኛ ነው፣ ጥቂት የማይባሉም ሳይሻላቸው ይቀራሉ። ስለዚህ «ሊመለስ ይችላል» በሉ፣ «ይድናል» አትበሉ። መውጣት መውረድ እንዳለውም ቀድማችሁ ንገሯት፤ ካልነገራችኋት የመጀመሪያው መጥፎ ሳምንት ሲመጣ ሐኪሙ ተሳስቷል ትላለች።

ከክፍሉ ከመውጣቷ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ በአማርኛ አምስት መስመር ጻፉላት፤ የሕመሙን ስም፣ በምን ምልክት እንዳወቃችሁት፣ የማይሆነውን፣ የሚደረገውን፣ የቀጠሮውን ቀን። ሁለተኛ፣ «እሺ ዶክተር» የሚለውን መልስ አትመኑት። በእኛ አገር «እሺ» ማለት ሰምቻለሁ ወይም አከብርሃለሁ ማለት ነው፣ አምኛለሁ ማለት ላይሆን ይችላል። «ቤት ስትደርሺ ለእናትሽ ምን ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኛዋ «አንጎሌ እግሬን ረስቶታል፣ ማስታወስ አለብኝ እላታለሁ» አለች። ከእኔ ማብራሪያ ይሻላል፤ ወረቀቱ ላይ እሱን ጻፍኩት።

የሥነ አእምሮ ሐኪም ካስፈለገ በዚያው ቀን በር ላይ አትላኩ። «አማኑኤል ልትልከኝ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከኋላው ብዙ ነገር አለው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀጠሮ፣ «እኔ መከታተሌን አላቆምም፣ እሳቸው ደግሞ በዚህ በኩል ያግዙናል» ተብሎ ሲቀርብ የሚቀበለው ብዙ ነው። «እኔ» የሚለው ቃል ከጠፋ ማባረር ይሆናል።

መንቀጥቀጥ ሲሆን

የሚጥል በሽታ መስሎ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ላይ ማብራሪያው ያው ነው፣ አንድ አደጋ ግን አለው። ዓይን መጨፈን፣ ጭንቅላትን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ መቆየት ወደዚህ ይጠቁማሉ፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ቤተሰቡ በስልክ የቀረጸው ቪዲዮ ብዙ ይረዳል። ተረጋግታ ሳለ የተነሣው ኢ.ኢ.ጂ ደህና መሆኑ ግን ምንም አያረጋግጥም። ማስረዳታችሁ ከሠመረ «እንግዲያው ፌኖባርቢታሉን ልጣለው» ትላችኋለች። በአንድ ቀን አይጣልም፤ በድንገት ማቋረጡ ራሱ አደገኛ መንቀጥቀጥ ያመጣል። የሚጥል በሽታም አብሮ ሊኖር ስለሚችል፣ መቀነስ ካለበት በሐኪም ክትትል፣ በሳምንታትና በወራት እየተቀነሰ ነው። ይህንን በአምስቱ መስመር ወረቀት ላይ አስምራችሁበት ጻፉ። ስትንቀጠቀጥ ደረቷን በጡጫ መፈግፈግና ሥጋዋን መቆንጠጥም ይቅር፤ ብዙዎቹ እየሰሙ ነው።

ሶማቲክ ሲምፕተም ዲስኦርደር ሲሆን

እዚህ ማብራሪያው ይለወጣል፤ ሁለቱን እያደባለቅን ነው የምንሳሳተው። በዚህኛው ላይ እንደ ሁቨር የሚታይ ምልክት የለም። ሕመሙ የሚታወቀው ምልክቱ በበሽታ ባለመገለጹ አይደለም። እውነተኛ በሽታ አብሮ ሊኖር ይችላል። መለያው፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር በላይ፣ ምልክቱ የሰውየውን ሐሳብ፣ ፍርሃትና ጊዜ ከልክ በላይ መያዙ ነው። ስለዚህ «የአንጎልህና የእግርህ ግንኙነት» የሚለውን ንግግር እዚህ ብታመጡት አይገጥምም።

ለምሳሌ፣ የ52 ዓመት ነጋዴ አስቡ። አራት ዓመት አናታቸውን ያቃጥላቸዋል፣ ጀርባቸው ላይ የሚሄድባቸው ነገር አለ፣ ልባቸው ይመታል። ሦስት ኤም አር አይ፣ አራት ኢንዶስኮፒ። የግፊት መለኪያ በኪሳቸው ይዘው በቀን 12 ጊዜ ይለካሉ። ሱቁን ለልጃቸው ትተዋል። ደም ግፊትም በእርግጥ አለባቸው፣ በመድኃኒት የተስተካከለ።

«ጋሼ፣ ቃጠሎው እውነት ነው። አራት ዓመት እንዲህ ሆኖ መኖር ይከብዳል። ላስረዳዎት። ሌባ አንዴ የገባበት ቤት ውሻ ከዚያ ወዲያ ነፋስ ቅጠል ሲያንኳኳም ይጮኻል። ጩኸቱ የውሸት አይደለም፣ ሌባ ግን የለም። የእርስዎ ሰውነት ማስጠንቀቂያ እንደዚያ ሆኗል። በየጊዜው ተነሥተን ግቢውን ስንፈትሽ ደግሞ ውሻው ልክ ነበርኩ ብሎ ይበልጥ ይጮኻል። ግፊት መለኪያው፣ ኤም አር አዩ፣ ግቢ መፈተሽ ናቸው።»

እሳቸው «ታዲያ ፈትሾ ማረጋገጥ ምን ይጎዳል?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። «ባለፈው ኤም አር አይ ደህና ነው ሲባሉ እፎይታው ስንት ቀን ቆየ?» አልኳቸው። አሰቡና «ሁለት ቀን» አሉ። ከኔ ምሳሌ ይልቅ ይህች መልስ ናት ያስረዳቻቸው፤ ስለዚህ ጥያቄዋን አትዝለሏት።

ስምምነቱ ቀላል ነው። በየአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀጠሮ፣ ቢብስም ባይብስም። ሲብስ ብቻ የሚታይ ሰው፣ ለመታየት መባስ እንዳለበት ይማራል። በየቀጠሮው እጃችሁን አሳርፋችሁ አጭር የአካል ምርመራ አድርጉ፤ አዲስ ምርመራ የሚታዘዘው አዲስ ምልክት በአካል ላይ ሲታይ ነው። ግፊት መለኪያው ከ12 ወደ 6፣ ከዚያ ወደ 2 ይውረድ፤ በአንዴ ማስጣል አይሆንም። እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ተስፋ መቁረጥና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ በግልጽ ጠይቁ፤ አናት የሚያቃጥላቸው ብዙዎች ከሥሩ ድብርት አለባቸው፣ እሱ ደግሞ የራሱ ሕክምና አለው።

በአምስተኛው ቀጠሮ ነጋዴው ቃጠሎው እንዳለ ነው አሉ። ከዚያ ሱቃቸውን ከሰኞ እስከ ኀሙስ እንደከፈቱ ነገሩኝ። ሊወጡ በር ላይ ሲደርሱ «ዶክተር፣ ያቺ ኤም አር አይስ?» አሉ፤ «ውሻው ጠየቀ ወይስ እርስዎ?» አልኳቸው። ሳቁና ሄዱ፤ ስድስተኛው ቀጠሮ ላይም ጠይቀዋል።